የፓወር ባንክ ማስታወቂያ ለገዢው ምን ይነግረዋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«20,000 ሚሊአምፒር፣ 22.5 ዋት ፈጣን ቻርጅ፣ ሁለት መውጫ፣ ጥራቱ የተረጋገጠ።» በቴሌግራም የሚሸጥ ፓወር ባንክ ብዙ ጊዜ የሚተዋወቀው በዚህ መልክ ነው። ጽሑፉ ዕቃው ምን እንደያዘ ይዘረዝራል፤ ዕቃው በገዢው ቀን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን አይናገርም። ለዚህ ምክንያት የሆኑ አመለካከቶችን በዚሁ ዕቃ ላይ እንመልከት።

«ገዢው 20,000 የሚለውን ካየ አቅሙ ይገባዋል።»

ቁጥሩ የሚገባው ስለ ባትሪ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ማስላት ይኖርበታል። ሌላው ገዢ ማወቅ የሚፈልገው መብራት ሲጠፋ ስልኩ እስከ መቼ እንደሚቆይለት ስለሆነ፣ ስሌቱን ሻጩ ሠርቶ መልሱን ሊያቀርብለት ይገባል።

ስሌቱ ግን በጥንቃቄ መሠራት አለበት። ብዙዎች 20,000ን ለስልኩ ባትሪ 5,000 አካፍለው «ስልክዎን አራት ጊዜ ይሞላል» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ 20,000 የሚለው ልክ የተወሰደው በውስጡ ባሉት ሴሎች ቮልቴጅ፣ ማለትም በ3.7 ቮልት ነው፤ መሣሪያው ወደ 5 ቮልት ከፍ አድርጎ ሲያወጣው ደግሞ ከኃይሉ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የኃይል መጠን በሚለካበት በዋት-ሰዓት ሲታይ ፓወር ባንኩ 74 ገደማ ይይዛል፤ ከብክነቱ በኋላ 60 ያህል ይቀራል። የ5,000 ሚሊአምፒር ስልክ ባትሪ 19 ገደማ ስለሚይዝና ስልኩም ሲሞላ ጥቂት ስለሚያባክን፣ ገዢው በተግባር የሚያገኘው ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ጊዜ ነው። «አራት ጊዜ» የተባለው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቆጥሮ ይደርስበታል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ስለሚከለክል፣ ነገሩ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«ጥቅም ማለት ‹ሕይወትዎን ያቀልልዎታል› ብሎ መጻፍ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከፓወር ባንኩ ነቅለን በመጥረጊያ ወይም በብረት ድስት ማስታወቂያ ላይ ብንተክለው ምንም አይጎድለውም። ለማንኛውም ዕቃ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ስለዚህ ዕቃ የተናገረው ነገር የለም ማለት ነው። የሚረዳው መንገድ እያንዳንዱን ባሕርይ ይዞ «ታዲያ ለገዢው ምን ይሆናል?» እያሉ መጠየቅ ነው። ሁለት መውጫ አለው። ታዲያ? ሁለት ስልክ አንድ ላይ ይሞላል። ታዲያ? ባልና ሚስት ማታ ተራ አይጠባበቁም፤ ሁለቱም ጠዋት የተሞላ ስልክ ይዘው ይወጣሉ። እዚህ ላይ ማቆም ያስፈልጋል፤ አንድ እርምጃ ጨምረን «የቤተሰብ ደስታ» ብንል ተመልሰን ለሁሉም ዕቃ ወደሚሆነው ቃል እንወድቃለን። ገዢው በዓይነ ኅሊናው ሊያየው የሚችለው የመጨረሻው ነገር ትክክለኛው ማቆሚያ ነው።

«ጥቅሙ ከተጻፈ ዝርዝር መረጃው አያስፈልግም።»

ዝርዝሩ ለጥቅሙ ማስረጃ ስለሆነ ከሥሩ መቀመጥ አለበት። ለምሳሌ አየር መንገዶች በአጠቃላይ እስከ 100 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ያስገባሉ፣ በሚጫን ሻንጣ ግን አይቀበሉም። ስለዚህ «በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ይዘውት ይጓዛሉ» የሚለውን ጥቅም ገዢው የሚያምነው፣ «74 ዋት-ሰዓት» የሚለው አብሮ ሲጻፍ ነው።

«ጉድለቱን ከጻፍኩ ገዢው ይሸሻል።»

የሚሸሸው ዕቃው የማይሆነው ገዢ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቢገዛም ይመልሰዋል። ብዙዎች ፓወር ባንክ የሚገዙት መብራት ሲጠፋ ዋይፋያቸው እንዳይቋረጥ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው የዋይፋይ ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ገመድ ያስፈልጋል። ይህን ቀድሞ የጻፈ ሻጭ ገመዱንም አብሮ መሸጥ ይችላል።

እነዚህን ይዘን ማስታወቂያውን እንደገና ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«መብራት ቢጠፋም ስልክዎ አይጠፋም። ባለ 5,000 ሚሊአምፒር ስልክን ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ስልክም አንድ ላይ ይሰካበታል። 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ይያዛል። ፓወር ባንኩ ራሱ ባዶ ሆኖ ሲሰካ በ18 ዋት ቻርጀር አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ማታ ይሰኩት። ለዋይፋይ ራውተር የ12 ቮልት ገመድ ለብቻው ይገዛል።»

ከተለጠፈ በኋላ በውስጥ መስመር የሚመጡትን ጥያቄዎች መመዝገብ ይጠቅማል። ሦስት አራት ሰው «ከባድ ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ዕቃውን በሚዛን አስቀምጦ ክብደቱን በግራም፣ በኪስ ይያዝ ወይም በቦርሳ ከሚለው ጋር መጨመር ነው።