መሃል ላይ የቆመ እንግሊዝኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«መጀመሪያ በየሳምንቱ ለውጥ አይ ነበር። አሁን ግን ዓመት ሙሉ ተምሬም ያው ነኝ። ዕድሜዬ ሄዷል መሰለኝ፤ ከዚህ በላይ አይገባኝም።»

ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከሥራ በኋላ የማታ እንግሊዝኛ የሚማሩ ብዙ ጎልማሶች የሚያነሱት ቅሬታ ነው። ዕድሜ በእርግጥ የሚያመጣው ለውጥ አለ፤ ጎልቶ የሚታየው ግን ቅላፄ ላይ ነው። ቃላትና ሰዋስው ለጎልማሳ የተዘጉ አይደሉም። ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ እሱም በቁጥር ይታያል።

የኒውዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ስሌት፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በብዛት የሚመላለሱት የመጀመሪያዎቹ 1,000 ቃላት ከነእርባታቸው ከመቶው ቃል 80 ያህሉን ይሸፍናሉ። ቀጣዮቹ 1,000 የሚጨምሩት 8 ወይም 9 ነው። ሦስተኛዎቹ 1,000 ደግሞ ከ3 እስከ 5 ብቻ። ስለዚህ ሦስተኛውን ሺህ ለመያዝ የሚፈሰው ላብ ከመጀመሪያው አያንስም፤ በሚነበበው ገጽ ላይ የሚታየው ለውጥ ግን እጅግ ያነሰ ነው። ተማሪው ቆሜያለሁ የሚለው እየሄደ ሳለም ሊሆን ይችላል።

የሰዓቱም ነገር አለ። ካምብሪጅ ለፈተናዎቹ በሚሰጠው ግምት፣ መካከለኛው ደረጃ (ቢ1) ከ350 እስከ 400 የትምህርት ሰዓት ይፈጃል፤ ቀጣዩ (ቢ2) ከ500 እስከ 600። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ወደ 200 ሰዓት ይጠጋል። በሳምንት 5 ሰዓት የሚያጠና ሰው ይህን ለመሸፈን 40 ሳምንት ያስፈልገዋል። በሁለት ወር ለውጥ ጠብቆ ያጣ ተማሪ ያልተሳካለት ጥናቱ ሳይሆን ግምቱ ነው።

«ሰዋስዉን ከሀ ብዬ እንደገና ብይዘው ይሻለኛል።»

ብዙ ገንዘብና ብዙ ቅዳሜ የሚባክነው እዚህ ነው። መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። መለያው እነሆ።

ስልክህን መቅረጫ ላይ አድርግና ስለ ሥራህ 3 ደቂቃ በእንግሊዝኛ ተናገር። አትዘጋጅ፣ ጽፈህም አታንብብ። ከዚያ የተቀረጸውን እየሰማህ እያንዳንዱን ቃል፣ ስህተቱንም ሳታርም፣ በወረቀት ላይ ገልብጥ። ይህ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አሰልቺ ነው፤ ግን ከዚህ የተሻለ ምርመራ በነጻ አይገኝም። ሲያልቅ ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ ራስህ አርመው።

አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ስለ ትናንት ውሎው ሲናገር «የስተርደይ ዊ ሪሲቭ ቱዌንቲ ካርተንስ» ብሏል እንበል። ትንሽ ቆይቶም «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕሮብለም» አለ። ጽሑፉን ሲያነብ የመጀመሪያውን ያለ ማንም እርዳታ «ሪሲቭድ» ብሎ ያርማል። ሁለተኛውን ግን አልፎት ይሄዳል፤ ስህተት መሆኑን አያውቅምና። «ስለ ችግሩ ተወያየን» ከሚለው አማርኛ የመጣ ስለሆነ ለጆሮው ትክክል ነው። «ምንም እንኳ ቢያማትም ግን መጣች» የሚለውን ይዘን «ኦልዞ» ብለን ጀምረን መሃል ላይ «በት» የምንጨምረውም እንዲሁ ነው። «ዕቃው አልመጣም?» ሲሉን «አዎ፣ አልመጣም» እንደምንለው በእንግሊዝኛም «የስ» ብለን መጀመራችን ከሁሉ የከፋ ነው፤ እንግሊዝኛው እዚያ ቦታ «ኖ» ይፈልጋልና የውጭ አገር አለቃ ዕቃው መጥቷል ብሎ ሊሄድ ይችላል።

ራስህ ያረምከው ስህተት የዕውቀት ጉድለት አይደለም። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ በንግግር ፍጥነት ግን አይደርስልህም። ይህን ዓይነት ስህተት የሰዋስው ክፍል እንደገና መግባት አያስወግደውም፤ የሚያስፈልገው ድግግሞሽና ፍጥነት ነው። ያላየኸው ስህተት ግን ማብራሪያ ይፈልጋል፤ አስተማሪ ወይም የተሻለ የሚችል ጓደኛ ያንኑ ወረቀት አይቶ ያሳይህ። 15 ደቂቃ ሕጉን አንብብ፤ ከዚያ ከራስህ ሥራ የወጡ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፍ።

ከተገኙት ስህተቶች ለሁለት ሳምንት ሁለቱን ብቻ ያዝ። አስራ አምስቱን በአንድ ጊዜ ለማረም የሚሞክር ሰው እየተናገረ ስለሁሉም ያስብና አፉ ይታሰራል። መጀመሪያ ትርጉም የሚያዛባውን ምረጥ፤ «የስ» እና «ኖ» ከ«አባውት» ይቀድማሉ።

«ከፈረንጅ ጋር ብሠራ ወይም ውጭ አገር ብሄድ በራሱ ይስተካከል ነበር።»

ሪቻርድ ሽሚት የተባለ ተመራማሪ ሃዋይ የኖረን ጃፓናዊ ሠዓሊ ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ጥናት ለዚህ መልስ ይሆናል። በጥናቱ ዌስ የተባለው ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ከአሜሪካውያን ጋር ይውላል፤ ይጫወታል፣ ይሸጣል፣ ይግባባል። መግባባቱ በጣም ተሻሽሏል። ሰዋስዉ ግን ከነበረበት እምብዛም ፈቅ አላለም። ሰሚው ሐሳቡን ከተረዳው የሚያርመው የለም፤ እሱም የሚያርምበት ምክንያት አያገኝም። በፋብሪካ ከውጭ ዜጋ ተቆጣጣሪ ጋር የሚውል ሠራተኛም በየቀኑ የሚለዋወጣቸው ቃላት ተመሳሳይ ከሆኑ ያው ነው የሚገጥመው።

«ፊልም ማየት ካበዛሁ ጆሮዬ ይከፈታል።»

ማዳመጥ ያለ ጥርጥር ያስፈልጋል። ችግሩ የሚደመጠው ከአቅም በላይ ሲሆን ነው፤ ያኔ ተማሪው ምስሉንና የግርጌ ጽሑፉን ተከትሎ ታሪኩን ይረዳል፤ ቋንቋው ግን በጆሮው አልፎ ይሄዳል።

የሚመጥነውን ለመለየት ከምታነበው ነገር 100 ቃል ቁጠርና የማታውቃቸውን አስምር። ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ያለ መዝገበ ቃላት እንደ ልብህ አንብበው፤ ይህ ለብዛት የሚሆን ነው። ከሦስት እስከ አምስት ከሆኑ ቁጭ ብለህ የምታጠናው ነው። ከአምስት በላይ ከሆኑ ለጊዜው ተወው። ለማዳመጥም ጽሑፉ አብሮት የሚገኝ ነገር ምረጥ፤ የቢቢሲው የስድስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ዝግጅት አንዱ ነው። በመጀመሪያ ያለ ጽሑፍ ስማው፤ ቀጥሎ እያነበብክ፤ በመጨረሻ እንደገና ያለ ጽሑፍ። ሦስተኛው ላይ ቃላቱ ተነጣጥለው ካልተሰሙህ ሌላ ቀለል ያለ ፈልግ።

«የሚያናግረኝ ሰው የለም፤ እንዴት ብዬ ነው መናገር የምለምደው?»

ሰው ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝም የሚሠራ ልምምድ አለ። አንድ ርዕስ ትይዝና 4 ደቂቃ ትናገራለህ። ያንኑ ሐሳብ ሳትቀንስ በ3 ደቂቃ ትደግማለህ፤ ከዚያ በ2 ደቂቃ። በሦስተኛው ዙር የምትለውን ታውቀዋለህና አእምሮህ ሐሳብ ፍለጋ አይደክምም፤ ቃላቱን በፍጥነት ማውጣት ብቻ ይቀረዋል። ርዕሱ የምታውቀው፣ አዲስ ቃል የማይጠይቅ ይሁን።

አንድ አደጋ አለው። በመጀመሪያው ዙር የተሳሳትከውን በሁለተኛውም በሦስተኛውም ትደግመዋለህ፤ ስህተቱም አብሮ ይፈጥናል። ስለዚህ ከ4 ደቂቃው በኋላ ቅጂውን ሰምተህ ከመረጥካቸው ሁለት ስህተቶች የተገኘውን አርም፤ ከዚያ ወደ 3 ደቂቃው እለፍ። የሥራ ጓደኛ ካለህ ሦስተኛውን ዙር በቴሌግራም ድምፅ ላክለት፤ እሱም የራሱን ይላክልህ፣ አንዳንድ ጥያቄም ተጠያየቁ።

«በሥራ ቀን ጊዜ የለኝም፤ ቅዳሜና እሑድ አካክሰዋለሁ።»

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እየኖረ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራውን ያንኑ የንብረት ክፍል ሠራተኛ እንውሰድ። ቅዳሜ 3 ሰዓት የሰዋስው መልመጃ ይሠራል፤ እሑድ 2 ሰዓት ፊልም ያያል። በድምሩ 5 ሰዓት፣ ማለትም 300 ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ መናገርና መጻፍ አንድም ደቂቃ የላቸውም፤ ፍጥነትም የለውም። ቅዳሜ የተያዘ ቃል ደግሞ እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይነካ ይቆያል፤ አብዛኛው እስከዚያ ይጠፋል።

ኔሽን ጊዜን በአራት እኩል ማካፈልን ይመክራል፦ ለመረዳት ማዳመጥና ማንበብ፣ ለማስረዳት መናገርና መጻፍ፣ ቋንቋውን ራሱን ማጥናት፣ የሚታወቀውን ማፍጠን። ለዚህ ሰው እያንዳንዱ 75 ደቂቃ ይደርሰዋል። ሰዓት አይጨምርም፤ ያለውን ይበትነዋል።

ጠዋት በትራንስፖርት 15 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ያዳምጣል፤ የመጀመሪያው 75 እዚያው አለቀ። በተጨናነቀ አውቶቡስ እጅ ነጻ ስለማይሆን መጻፍም ማንበብም አይታሰብም፤ ስለዚህ ጽሑፉን ማታውኑ አይቶት ያድራል። ድምፁንም ኔትወርክ ባለበት አስቀድሞ ያወርደዋል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ የ4፣ 3፣ 2 ደቂቃውን ልምምድ ይሠራል፤ ከማረሚያው ጋር 15 ደቂቃ ይበቃዋል። የቀረውን 30 ደቂቃ ቅዳሜ ቀድሞ ያነበበውን በፍጥነት ደግሞ ለማንበብ ያውለዋል። ማክሰኞና ሐሙስ 20፣ 20 ደቂቃ ለተመረጡት ሁለት ስህተቶችና ለቃላት ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ 35 ደቂቃ ቅጂ ይገለብጣል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የሚያጠናው በወረቀት ቢሆን ይሻላል። እሑድ 75 ደቂቃ ከጓደኛ ጋር የድምፅ መልእክት መለዋወጥና አንድ ገጽ የሥራ ሪፖርት መጻፍ ነው። ሪፖርቱ ከልብ ወለድ ርዕስ ይልቅ ሰኞ ሥራ ላይ የሚያስፈልገው ዓይነት ይሁን።

በየስድስት ሳምንቱ በዚያው በመጀመሪያው ርዕስ 3 ደቂቃ ይቀረጻል። ሁለት ነገር ይቆጠራል። አንዱ በመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች የወጡት ቃላት ብዛት ነው። ሌላው የመረጠው ስህተት ነው፤ የኃላፊ ጊዜ ግስ አሥር ቦታ አስፈልጎ ስንቱ ላይ ትክክል እንደነበረ ይቆጥራል። ቃላቱ ጨምረው ትክክለኛው ካልጨመረ ፍጥነቱ ከእርማቱ ቀድሟል፤ ከዓርብ ልምምድ ላይ 15 ደቂቃውን ወስዶ ወደ ማረም ያዞረዋል። ትክክለኛው ጨምሮ ቃላቱ ከቀነሱ ከመጠን በላይ እየተጠነቀቀ ነውና የማክሰኞውን ለፍጥነት ይሰጣል። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ መጀመሪያ የሚመረመረው የሚያዳምጠው ነገር ክብደት ነው፤ 100 ቃል ቆጥሮ ያስምርበት።