የሦስት ነጥብ ግምት፦ የሶሌታው ፎርምወርክ በስንት ቀን ያልቃል?

ሐዋሳ ላይ የጂ ፕላስ 1 ቤት የሚያሠራ ሰው ፎርማኑን «የሶሌታው ፎርምወርክ በስንት ቀን ያልቃል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «8 ቀን» የሚል መልስ ያገኛል እንበል። የሦስት ነጥብ ግምት ያንኑ ፎርማን ሁለት ጥያቄ ይጨምርበታል። ሁሉም ከተሳካ? 6 ቀን። ዝናቡ ከበረታ፣ እንጨት ከጠፋና አናጢዎቹ ከተጓደሉስ? 22 ቀን። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
te = (O + 4M + P) / 6
(6 + 4×8 + 22) / 6 = 10
```

te የሚጠበቀው አማካይ ቀን ነው፤ O የተሳካው፣ M ዘወትር የሚያጋጥመው፣ P የከፋው ግምት ነው። ዘዴው ፐርት ከሚባለው የዕቅድ ሥርዓት ጋር የመጣ ነው፤ ይህንንም የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል ፕሮጀክት በ1958 እ.ኤ.አ. አዘጋጀው።

ሦስቱን ቁጥሮች ደምሮ ለ3 ማካፈል 12 ቀን ይሰጣል። ይህ ግን 22 ቀን የመፍጀቱን ዕድል በ8 ቀን ከማለቁ ዕድል እኩል እንደ ማየት ነው። ፎርማኑ 8ን የሚያውቀው ደጋግሞ ስለሠራው ነው፤ 6 እና 22 ግን እምብዛም የማይደርሱ ዳር ዳሮች ናቸው። ስለዚህ መካከለኛው 4 እጅ፣ ዳሮቹ አንድ አንድ እጅ ይይዛሉ። 4 ቁጥር ከቤታ ስርጭት ጋር የሚስማማ ምርጫ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። መሐሉ ላይ ጉብ ብሎ ወደ ዳር የሚሳሳ ቅርጽ ይታሰባል፤ ክብደቱ 4 ሲሆን የዚያ ቅርጽ አማካይ ልክ ከላይ ያለው ስሌት ይሆናል።

ያም ሆኖ ውጤቱ 8 ላይ አይቆምም። ወደ ፊት የሚዘገይበት 14 ቀን ሲኖር የሚቀድምበት 2 ቀን ብቻ ስለሆነ አማካዩ ወደ 10 ይሳባል። በዚሁ ስርጭት ቢሰላ በ8 ቀን ወይም ቀድሞ የመጨረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ገደማ ነው። «ዘወትር 8 ቀን ነው» ያለው ፎርማን አልዋሸም፤ ስህተቱ ያንን ቁጥር ቀጠሮ ያደረገው ሰው ነው።

ጉዳቱ ሥራዎች ሲደመሩ ይከፋል። ከፎርምወርኩ ቀጥሎ የፌሮ ሥራው 4፣ 5 እና 12 ቀን ቢገመት አማካዩ 6 ይሆናል። የተለመዱት ቀኖች ድምር 13 ሲሆን የአማካዮቹ ግን 16 ነው። የእያንዳንዱ መዋዠቅ በ(P − O) / 6 ይለካል፦ ለፎርምወርኩ 2.67፣ ለፌሮው 1.33። ሁለቱ የሚደመሩት በቀጥታ ሳይሆን እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ የድምሩ ካሬ ሥር ሲወሰድ 3 ቀን ያህል ይመጣል። ይህ ግን የአንዱ መዘግየት ሌላውን ካልነካ ነው፤ ዝናብ ሁለቱንም ካስቆመ መዋዠቁ ከ3 ይበልጣል።

ዘዴው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ P ላይ ነው። ገማቹ አሠሪውን ላለማስደንገጥ 22ቱን 12 ካደረገው ስሌቱ 8.3 ይሆንና ሁለት ቀን ያህል በጸጥታ ይጠፋል። ይህን ማወቂያው ያለፉ ሥራዎች መዝገብ ነው፦ ሥራዎቹ ከተጻፈላቸው P በላይ ደጋግመው ካለፉ P ጠቧል ማለት ነው። በተቃራኒው የሲሚንቶ እጥረት ሥራውን ለ2 ወር ሊያቆም ይችላል ብሎ P ውስጥ 60 መጨመር አማካዩን ያዛባዋል፤ እንዲህ ያለው ድንገት ለብቻው ተይዞ መጠባበቂያ ቢመደብለት ይሻላል።