ጸጉር ሠሪዋ ደንበኛ ይዛ ስትወጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደንበኛው የሳሎኑ ነው፤ ይዛው ከሄደች ሰረቀችኝ ማለት ነው።»

ጸጉሯን ማን እንደሚነካው የምትወስነው ደንበኛዋ ራሷ ናት። ሁለት ዓመት ሹሩባ የሠራቻት ልጅ እዚህ ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ ለቃ ሂርማታ ብትገባ፣ ባጃጅ ይዛ ትከተላታለች። ማንም አይከለክላትም።

ሳሎኑ ግን ምንም የለውም ማለት አይደለም። የቀጠሮ ደብተሩ የሳሎኑ ነው። ለቀጠሮ የሚደወልበት ስልክም እንደዚያው። የትኛዋ ደንበኛ ምን ቁጥር ቀለም እንደተቀባች፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየባት የተጻፈበት መዝገብም የቤቱ ነው። ልጅቷ ማታ ደብተሩን በስልኳ ፎቶ አንስታ ከሄደች፣ የሳሎኑ ባለቤት ቅር ብትሰኝ እውነት አላት። ከዚያ ወደ ሁሉም ቁጥር እየደወለች «ወደ እኔ ኑ» ማለቷ፣ ደንበኛ ጠይቃ ከመከተሏ በጣም የተለየ ነገር ነው።

የልጅቷም ድርሻ አለ። ስትቀጠር ከድሮ ቤቷ ይዛቸው የመጣቻቸው ደንበኞች፣ ጎረቤቶቿና ዘመዶቿ ስትወጣም አብረዋት ቢወጡ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ገና ስትገባ «እነዚህ ከእኔ ጋር የመጡ ናቸው» ብላ ስማቸውን በአንድ ወረቀት ትጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ማንን እንዳመጣ ስለሚረሳ ነው።

«ደንበኞቼን ስለወሰደች የመጨረሻ ደሞዟን አልሰጣትም።»

ባለቤቶች በብዛት ራሳቸውን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ በብር እንየው። ደሞዟ 6,000 ብር ነው እንበል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥታ፣ ጊዜዋን ጨርሳ ወጣች። 10 ደንበኞች ተከተሏት። ባለቤቷ ተናዳ የመጨረሻውን 6,000 ብር ያዘችባት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ውሉ ሲቋረጥ ደሞዝና ሌላ ተከፋይ ገንዘብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደሞዝ ሊጨምርባት ይችላል። 6,000 ይዛ እስከ 18,000 ብር ተጨማሪ ልትከፍል ነው። የደንበኞቹ መሄድ ደግሞ ደሞዝ ለመያዝ በቂ ምክንያት አይሆንላትም።

ልጅቷ ሳታስጠነቅቅ ድንገት ብትጠፋስ? የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለባት። ካልሰጠች ካሳ ትጠየቃለች፤ እሱም ከ30 ቀን ደሞዝ አይበልጥም። ባለቤቷ «በወር ይህን ያህል ገቢ አጣሁ» ብላ ያሰላችው ሒሳብ በዚህ ካሳ ውስጥ አይገባም።

«በፐርሰንት ነው የምትሠራው፤ ምን ውል ያስፈልገናል?»

በፐርሰንት መከፈል ብቻውን ግንኙነቱን አይወስነውም። ሰዓቷን ማን ይወስናል? ዋጋውንስ? ሻምፖውንና ቀለሙን የሚገዛው ማነው? ሁሉንም ባለቤቷ ከሆነች፣ ልጅቷ በፐርሰንት ብትከፈልም ሠራተኛ ናት። ወንበር ተከራይታ፣ ዕቃዋን ራሷ ገዝታ፣ ዋጋዋን ራሷ የምታወጣ ከሆነ ግን የራሷን ሥራ እየሠራች ነው። የእሷ ደንበኞችም የእሷ ናቸው። በእኔ ግምት ትልቁ ጠብ የሚነሳው በመሃል ባሉት ቤቶች ነው፤ ኪራይ እየተቀበሉ እንደ ሠራተኛ በሚያዙት።

«ለ3 ዓመት ጅማ ውስጥ ጸጉር እንዳትሠራ አስፈርማታለሁ።»

ሌላ ሙያ የሌላትን ልጅ ከመላው ከተማ ማገድ እንጀራዋን መዝጋት ነው። እንዲህ ያለ ውል ዳኛ ፊት ይጸናል ብዬ ማንንም አልመክርም። ልጅቷም ብትፈርም አታከብረውም፤ ባለቤቷም ለማስከበር ጠበቃ ይዛ የምትመላለስበት ጊዜ የላትም።

የሚሠራው ውል ጠባብ ነው። ሰውን ትቶ ነገሮችን ይይዛል። እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «ስወጣ የቀጠሮ ደብተሩን፣ የቀለም መዝገቡንና የሳሎኑን ስልክ አስረክባለሁ፤ ቅጂም አልይዝም። ለ3 ወር ከሳሎኑ መዝገብ ባገኘሁት ቁጥር ለደንበኛ አልደውልም፣ መልእክት አልልክም። ደንበኛ ራሷ ፈልጋ ካገኘችኝ ግን እሠራታለሁ።» ሦስት ወር ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ሹሩባም ሆነ ቀለም በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታደሳል፤ ሳሎኑ ደንበኛዋን በሌላ ልጅ እጅ አሠርቶ የማስለመድ ዕድል ያገኛል። ከዚያ በኋላም ካልተመለሰች፣ መጀመሪያም የመጣችው ለልጅቷ ነበር።

ባለቤቷም ትፈርም። «ደንበኛ የት ሄደች ብላ ብትጠይቅ እውነቱን እነግራለሁ፤ ስለ ሥራዋም ክፉ አላወራም» የሚል መስመር ይግባ። አንድ ወገን ብቻ የሚታሰርበት ወረቀት ማኩረፊያ ይሆናል።

ቋንቋውም ይታሰብበት። ጅማ ያሉ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ውሉ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ነገር ሲመጣ ማስተርጎም ይመጣል። በሁለቱም ቋንቋ ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ሁለቱም ወገን የፈረመውን ማንበብ መቻል አለበትና። እስካሁን በቃል ብቻ ከሆነ የምትሠሩት፣ አዋጁ አሠሪዋን የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመበት ጽሑፍ በ15 ቀናት ውስጥ ለሠራተኛዋ እንድትሰጥ ያዛል። ከላይ ያሉትን መስመሮች ለመጨመር ጥሩ አጋጣሚ ነው።

«ታማለች ብንል ደንበኛው ይቆያል።»

ደንበኛዋ ማታ ቲክቶክ ላይ ልጅቷን በአዲሱ ቤት ስትሠራ ታያታለች። ያኔ ባለቤቷ የምታጣው ልጅቷን ብቻ ሳይሆን ደንበኛዋን ጭምር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቀጠሮ ላላቸው ሁሉ ደውሎ «እሷ ለቃለች፤ በቀጠሮሽ ሰዓት እከሊት ልትሠራሽ ትችላለች» ማለት ይበቃል።

ሙሽሮች ሲሆኑ ነገሩ ይከብዳል። ከረመዳን በፊትና ከዒድ በኋላ ሠርግ ሲደራረብ ቀብድ ከወዲሁ ይያዛል። ሙሽራዋ 2,000 ብር ለሳሎኑ ከፍላ፣ «ያለ እሷ ማንም አይነካኝም» ብትልስ? ገንዘቡን የተቀበለው ሳሎኑ ነው ብሎ ድርቅ ማለት ክርክሩን ቢያሸንፍም እህቶቿን፣ ሚዜዎቿንና እናቷን ያሳጣል። ቀብዱ ሲያዝ ደረሰኙ ላይ «ጸጉር ሠሪዋ ከለቀቀች ቀብዱ ይመለሳል ወይም በሌላ ባለሙያ ትሠራለች፤ ምርጫው የሙሽራዋ ነው» ተብሎ ይጻፍ። የተገዛ ዕቃ ካለ ዋጋው ይቀነስ፤ እሱም ቀድሞ ይጻፍ።

«ቻናሉ ላይ የሳሎኑ ስም ስላለ የሳሎኑ ነው።»

ቴሌግራም ላይ የቻናሉ ባለቤት የሚባለው የከፈተው አካውንት ነው። ልጅቷ በራሷ ስልክ ከፍታው ከሆነ፣ ባለቤቷ አስተዳዳሪ ብትሆን እንኳ ልጅቷ ልታስወጣት ትችላለች። ባለቤትነት ማዛወር ይቻላል፤ ግን የመጨረሻው ቀን ላይ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አስረካቢዋ በአካውንቷ ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካበራች ቢያንስ 7 ቀን መሙላት አለበት። ስለዚህ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በገባበት ቀን ማረጋገጫው ይብራ፤ በሁለተኛው ሳምንት ቻናሉ ይዛወር። ልጅቷ የሠራቻቸውን ሥራዎች ፎቶ ለራሷ ማሳያ እንድትይዝ ይፈቀድላት፤ የደንበኛዋ ፊት የሚታይበትን ግን ደንበኛዋን ሳትጠይቅ አትለጥፈው።