ሙዚቃው የሚያርፍበት ቦታ፦ ስለ ቪዲዮ ማጀቢያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የፋሲልን ባሕረ ጥምቀት የሚያስጎበኝ የአንድ ደቂቃ ተኩል ቪዲዮ ሠራን። ሙዚቃውን 10 በመቶ ላይ አድርገነዋል፣ መጨረሻውንም ፌድ አውት ሰጥተነዋል። ታዲያ ሰው ለምን ‹ተራኪዋ አትሰማም፣ መጨረሻውም የተቆረጠ ይመስላል› ይለናል?»

«ጎንደር ከሆነ እስክስታ ይግባበት»

ሙዚቃውን የሚመርጠው ትረካው ነው፣ ቦታው አይደለም። ግንቡ በታየ ቁጥር ትከሻ የሚያስነቀንቅ ምት መጫን ልማድ ሆኗል። ተራኪዋ ረጋ ብላ ስለ ድንጋዩና ስለ ውኃው ስታወራ ከሥሯ ከበሮው ከተጣደፈ፣ ተመልካቹ የሚወቅሰው ከበሮውን ሳይሆን «ምነው ዘገየች» ብሎ እሷን ነው። መጀመሪያ ትረካውን ብቻውን ክፈቱና አነጋገሯን ተከትላችሁ ጠረጴዛውን በጣታችሁ ምቱ። የምትፈልጉት ሙዚቃ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ወይም ከዚያ ትንሽ ዘግየት የሚል ነው።

የበዓሉ ምስል ላይ ደግሞ ጽናጽሉ፣ ከበሮውና ዝማሬው በቦታው ተቀርጾ አለ። በዚያ ላይ ሌላ ሙዚቃ መደረብ ሁለት ከበሮ በሁለት ፍጥነት ማስመታት ነው። እዚያ ማጀቢያው ዝም ይበል።

«ትዝታ ሐዘን ነው»

ትዝታ ቅኝት ነው። በዝግታ ሲሄድ ያስተክዛል፣ በፈጣን ችክችካ ሲመታ ያስጨፍራል።

«ግጥም ከሌለው ከንግግር ጋር አይጣላም»

አዝማሪ በበዛበት አገር ይህን መስማት ይገርማል። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ነው፤ አዝማሪው የሚጫወተው የራሱን ድምፅ እየተከተለ፣ እየመለሰለት ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከተራኪ ሥር ስታስቀምጡት፣ ቃል ባይኖረውም ሌላ ሰው አብሯት የሚያወራ ያህል ጆሮ ይሻማል። ዋሽንትም ዜማውን ሲያስረዝም እንዲሁ ነው። ክራር ይሻላል፤ ክሩ ተነክቶ ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት በመሐል ለቃል ክፍተት ይተዋል።

የግድ ማሲንቆ ካስፈለገ ትረካ በሌለበት መግቢያና መሸጋገሪያ ላይ ይጫወት። ከትረካው ሥር መቆየት ካለበት ደግሞ በኢኳላይዘር ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ክፍል በ4 ዴሲቤል ያህል ቀንሱለት። ፊደሎቻችንን የሚለየው ጥርት ያለ ድምፅ በአብዛኛው እዚያ አካባቢ ነው ያለው። እዚያ ላይ ሙዚቃ ሲሸፍነው «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ፤ የሙዚቃውን ጠቅላላ መጠን ብቻ እየቀነሳችሁ ብትሄዱ ሙዚቃው ከመጥፋቱ በፊት አይለዩም።

«10 በመቶ ላይ አድርገው፣ በቃ»

የምኑ 10 በመቶ? ቁጥሩ የሚለካው ከሙዚቃው ፋይል ነው እንጂ ከተራኪዋ ድምፅ አይደለም። የድምፅ ሞገድ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ቅነሳው 20 ዴሲቤል ነው። እንበል፣ ዜሮ ጣሪያው ሆኖ፣ በስቱዲዮ ጮክ ተደርጎ የተሠራው ዘፈን በአማካይ −8 ዴሲቤል ላይ ነው፣ በስልክ የተቀዳው ትረካ ደግሞ −26 ላይ። ሙዚቃው 20 ሲቀነስለት −28 ላይ ያርፋል። ከተራኪዋ የሚያንሰው በ2 ዴሲቤል ብቻ ነው ማለት ነው። «አትሰማም» ያላችሁ ሰው እውነቱን ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። በመጀመሪያ የትረካውን መጠን አስተካክሉ፤ ጮክ ያሉት ቃላት ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መካከል ይድረሱ። ከዚያ ሙዚቃውን ትረካ በሌለበት ቦታ ከእሷ 8 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉት፣ ስትናገር ደግሞ ሌላ 12 ይውረድ። ድምሩ 20 ይሆናል። ለድረ ገጽ ተደራሽነት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም በከፍተኛው ደረጃው ከንግግር ሥር ላለ ድምፅ የሚጠይቀው ይህንኑ 20 ዴሲቤል ነው።

ውጤቱን በጆሮ ማዳመጫ አትፍረዱበት። በስልኩ ትንሽ ስፒከር፣ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ወይም ባጃጅ ላይ ሆናችሁ ስሙት፤ ተመልካቹ የሚሰማው እንደዚያ ነው። ትንሿ ስፒከር የከበሮውን ጎርናና ድምፅ ጥላ ማሲንቆውን ትይዛለች፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ የተመጣጠነው ነገር እዚያ ሲደርስ ሚዛኑን ይስታል።

«አውቶ ዳክ ራሱ ይጨርሰዋል»

ይጨርሳል፣ አማርኛን ካላወራችሁበት። Audacity በሚባለው የድምፅ ማቀነባበሪያ ውስጥ ያለውን፣ ንግግር ሲሰማ ሙዚቃውን ራሱ የሚያወርደውን Auto Duck እንውሰድ። ሙዚቃው ከላይ፣ ትረካው ወዲያው ከሥሩ ባለው ትራክ ላይ ይቀመጣል፤ የሚመረጠው ሙዚቃው ብቻ ነው። ሳትነኩት Duck amount፣ ማለትም ሙዚቃው የሚወርድበት መጠን፣ −12 ዴሲቤል ነው፣ እሱ ደህና ነው። ችግሩ Threshold፣ ማለትም መሣሪያው ንግግር ብሎ የሚቆጥረው ዝቅተኛው ድምፅ፣ −30 መሆኑ ላይ ነው።

በእኛ ቋንቋ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ተናጋሪውም እዚያ ሲደርስ ድምፁን ይጥላል። «ይህ ባሕር በዓመት አንዴ፣ ለጥምቀት፣ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል» ስትል «በዓመት አንዴ» ጮክ ይላል፣ «ይሞላል» ግን ወደ ትንፋሽ ይጠጋል። መሣሪያው ያንን የደከመ ድምፅ ከ−30 በታች ስላገኘው «ንግግሩ አልቋል» ብሎ ሙዚቃውን ያነሣዋል። አረፍተ ነገሩ ሁሉ ተሰምቶ ይሞላል ይሁን አይሞላም የሚለው ይጠፋል! Threshold ወደ −38 አካባቢ ይውረድ፣ ሙዚቃው ሳይነሣ የሚታገሠው የዝምታ ርዝመት፣ Maximum pause፣ ደግሞ ከ1 ሰከንድ ወደ 2 ይጨመር፤ አለበለዚያ ተራኪዋ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር ሙዚቃው እንደ ማዕበል ብቅ ጥልቅ ይላል።

ገደቡ የቀረጻው ጫጫታ ነው። ከኋላ ጄኔሬተር እየሠራ የተቀዳ ከሆነ ጫጫታው ራሱ ከ−38 በላይ ይሆንና ሙዚቃው ጭራሽ አይነሣም። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ትረካው ቆሞም ሙዚቃው ወርዶ ከቀረ መሣሪያው ጄኔሬተሩን እንደ ንግግር ቆጥሮታል። ያኔ የሙዚቃውን መስመር በእጅ ማውረድና ማንሣት ይፈጥናል፤ ከመጀመሪያው ቃል ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ይውረድ፣ ከመጨረሻው ግሥ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ወስዶ ቀስ ብሎ ይነሣ።

«መጨረሻው ላይ ፌድ አውት ስጠው»

ወደ ዋናው መጣን። ይህን ምክር የማይሰጥ ሰው የለም፣ የብዙ ቪዲዮን መጨረሻ ያበላሸውም እሱ ነው። ፌድ አውት ድምፅን ያሳንሳል እንጂ ዜማን አይጨርስም። ዜማው ወደ ቅኝቱ መነሻ ድምፅ እየተመለሰ ሳለ በሁለት ሰከንድ ሲጠፋ፣ የሰማው ሰው እግሩን አንሥቶ የሚያሳርፍበት ያጣ ይመስላል። «የተቆረጠ ይመስላል» ያሏችሁ ለዚህ ነው። ሙዚቃ የሚያልቀው ዜማው ቤቱ ሲገባ፣ ከበሮውም ከባዱን ምት ሲመታ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ላይ።

መፍትሔው ከኋላ መጀመር ነው። የእናንተን ቪዲዮ እንሥራው። የተራኪዋ የመጨረሻ ቃል 1:28.0 ላይ ያልቃል። የሙዚቃው የመጨረሻ ምት ከእሱ አንድ ሰከንድ በኋላ፣ 1:29.0 ላይ እንዲያርፍ እንፈልጋለን። ከዚያ በኋላ ጋብ እስኪል 3 ሰከንድ እንተውለት፤ ምስሉ 1:32 ላይ ያልቃል። ሙዚቃው ግን 3:37.8 ላይ ነው የመጨረሻ ምቱን የሚመታው። ከመሐሉ መውጣት ያለበት 128.8 ሰከንድ ነው።

አሁን ዙሩን ለኩ። ከአንዱ ከባድ ምት እስከ ቀጣዩ ከባድ ምት 1.2 ሰከንድ ነው እንበል፣ ዜማውም በ4 ዙር አንዴ ራሱን ይደግማል። እንግዲህ መውጣት የሚችለው በ4.8 ሰከንድ የሚካፈል ርዝመት ብቻ ነው፤ አለበለዚያ የዜማው ጥያቄ ከሌላ ጥያቄ ጋር ይጋጠማል፣ መልስም አይመጣም። 108 ዙር ብናወጣ 129.6 ሰከንድ ነው፤ የመጨረሻው ምት 1:28.2 ላይ ይወድቃል፣ ከቃሉ 0.2 ሰከንድ ብቻ ርቆ። ይህ የተራኪዋን ቃል የሚቀማ ነው። 104 ዙር ብናወጣ ደግሞ 1:33 ይሆናል፣ ምስሉም ከዚያ በፊት ያልቃል። ስለዚህ 108 ይውጣና ሙዚቃው ራሱ 0.8 ሰከንድ ዘግይቶ ይግባ። በዚያች 0.8 ሰከንድ የውኃው ወይም የሕዝቡ ድምፅ ብቻ ይሰማ፤ የመጨረሻው ምት ልክ 1:29.0 ላይ ይደርሳል። ሙዚቃውን በፕሮግራሙ ማፍጠንና ማዘግየት አላስፈለገም።

መጋጠሚያው ተራኪዋ እየተናገረች፣ ሙዚቃው ወርዶ ባለበት ቦታ ይሁን። ቁርጡ ከከባዱ ምት ጥቂት ሚሊሰከንድ ቀድሞ ይረፍ፣ ሁለቱ ክፍሎች የሚደራረቡበት ርዝመትም ከ30 ሚሊሰከንድ አይብለጥ። ረዥም ክሮስፌድ ከሰጣችሁት ሁለት ከበሮ ትንሽ ተቀዳድመው ሲመቱ ትሰማላችሁ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ስለሆነና ለዚህ ቁርጥ ስለሚሰፋ፣ ይህን ሥራ በድምፅ ማቀነባበሪያ ጨርሶ ወደ ቪዲዮው መመለስ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በእጅ የተመታ ከበሮ እንደ ሰዓት አይሄድም፤ ወደ መጨረሻው የሚፋጠንም አለ። ስሌቱ ወደ ሰፈሩ ያደርሳችኋል፣ በሩን የሚያገኘው ግን ጆሮ ነው። ሙዚቃውን እያጫወታችሁ በየከባዱ ምት ማርከር ጣሉ (በብዙ ቪዲዮ ማቀነባበሪያ M ነው)፣ ከዚያ ሰከንዱን ሳይሆን ማርከሮቹን ቁጠሩ።

ዘፈኑ ራሱ በፌድ አውት የሚያልቅ ከሆነ መጨረሻ የለውም ማለት ነው፣ መሥራት አለባችሁ። ዜማው ወደ መነሻ ድምፁ የተመለሰበትን ከባድ ምት ፈልጉ፣ ከእሱ ኋላ ያለውን ቁረጡ፣ በዚያች ምት ላይ ብቻ የ2 ሰከንድ ያህል ሪቨርብ ጨምሩ። የዋሽንት ብቻ ከሆነና ምት ከሌለው ደግሞ ነፊው ትንፋሹን የጨረሰበት ቦታ ነው መጨረሻው፤ ቀጣዩን ትንፋሽ ሲስብ የሚሰማው ድምፅ ሳይገባ ቁረጡት።