ሁለት ባለሙያዎችን በኢሜይል ማስተዋወቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ምን ማስፈቀድ ያስፈልጋል?»

እርስዎ ያውቋቸዋል፤ እነሱ ግን አይተዋወቁም። ደብረ ብርሃን ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ አርክቴክት የመንዝ ሱፍ ምንጣፍ ይፈልጋል እንበል። መሐል ሜዳ ደግሞ ከሱፍ ፈታዮችና ከሸማኔዎች ጋር የምትሠራ ባለሙያ አለች። ሳይጠይቁ ሁለቱን አንድ ኢሜይል ላይ ካገናኟቸው አድራሻዋን አሳልፈው ሰጡባት ማለት ነው። እሱ እያነበበ እምቢ ማለትም ይከብዳታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ውለታ የሚጠየቀውን ሰው ለብቻው ይጠይቁ። «አንድ አርክቴክት ለ12 ክፍሎች ምንጣፍ ይፈልጋል። ባስተዋውቃችሁ ይመችዎታል?» ሁለት መስመር ይበቃል። ይህ ለወግ ያህል የሚደረግ አይደለም። «ደስ ይለኛል፤ ግን ሰኔ 30 በጀት ሳይዘጋ ጊዜ የለኝም» ልትል ትችላለች። የሚነጋገሩበት ወር የሚታወቀው ያኔ ነው። ካልፈለገች ደግሞ አርክቴክቱን «አሁን አይመቻቸውም» ብሎ ማለፍ ነው።

«ተዋወቁ፤ ቀሪውን እናንተ ተነጋገሩበት ብል ይበቃል።»

ሁለቱም ይሉኝታ ያላቸው ከሆኑ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ እንዲህ ቢጻፍስ?

> ርዕስ፦ ትውውቅ፣ የመንዝ ሱፍ ምንጣፍ ለደብረ ብርሃን የእንግዳ ማረፊያ
>
> ጤና ይስጥልኝ፣
>
> ወ/ሮ እገሊት፣ አቶ እገሌ ለ12 ክፍሎች 2 በ3 ሜትር ምንጣፍ የሚፈልጉ አርክቴክት ናቸው። ለሸማኔዎቹ ጥሩ ትእዛዝ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።
>
> አቶ እገሌ፣ ወ/ሮ እገሊት የሱፉን ጥራትና ሸማኔዎቹ በወር ስንት ምንጣፍ እንደሚያደርሱ ያውቃሉ።
>
> አቶ እገሌ፣ የሚፈልጉትን ቀለም እስከ ዓርብ ቢልኩላቸው፣ ሐምሌ ላይ ናሙና ሊያሳዩዎት ፈቃደኛ ናቸው።

ምክንያቱ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ተነግሯል። ቀድሞ የሚጽፈው ጉዳይ ያለው ሰው ነው፤ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ይህንን ነው። የተጠየቀውም ቀላል ነገር ነው። ዋጋና ውል ናሙናው ከታየ በኋላ ይደርሳል።

«ሰውን ማክበር ሙሉ የሥራ ታሪኩን መጻፍ ነው።»

አርክቴክቱ የእሷን ዲግሪዎች በሙሉ ማወቅ አያስፈልገውም። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ይጻፍለት፤ ያውም እርስዎ በትክክል የሚያውቁት ብቻ። «ሥራቸውን አይቻለሁ» እና «ጥሩ እንደሆኑ ሰምቻለሁ» አንድ አይደሉም። ምንጣፉ ቢበላሽ የሚታወሰው የእርስዎ ቃል ነው።

«ያስተዋወቅኩት እኔ ስለሆንኩ እስከ መጨረሻው Cc ላይ መቆየት አለብኝ።»

ቀድሞ የሚጽፈው ሰው አመስግኖ እርስዎን ወደ Bcc ቢያዞርዎት ይሻላል። መልሱን ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ ሲጻጻፉ ለእርስዎ አይደርስም። ስለ ዋጋ በነጻነት ይነጋገራሉ። እርስዎም ከ Bcc ሆነው Reply all አይጫኑ፤ መኖርዎን ያሳውቅብዎታል።

ዓርብ አልፎ ምንም ካላዩ፣ ሁለቱንም በአንድ ኢሜይል አይጎትጉቱ። ለአርክቴክቱ ብቻ ደውለው ቀለሙን ልኮላት እንደሆነ ይጠይቁት።