ዳይቨርጀንስ ቲዎረም፦ ከሳጥንና ከሉል የሚወጣ ፍለክስ

ዳይቨርጀንስ ቲዎረም ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው፦ አንድ ዝግ ገጽ አለ እንበል፣ ሳጥንም ይሁን ሉል፣ በሱ በኩል ወደ ውጪ የሚወጣው የቬክተር ፊልድ ጠቅላላ ፍለክስ ውስጡ ባለው ይዘት ሁሉ ላይ ዳይቨርጀንሱን ኢንተግሬት ስናደርግ ከምናገኘው ቁጥር ጋር እኩል ነው።

∬ F·n dS = ∭ div F dV

n ማለት ከገጹ ቀጥ ብሎ ወደ ውጪ የሚያይ ርዝመቱ 1 የሆነ ቬክተር ነው፣ div F ደሞ የመጀመሪያው ክፍል በ x፣ ሁለተኛው በ y፣ ሶስተኛው በ z ያላቸው ዴሪቬቲቭ ድምር ነው። ብዙ ጊዜ የጋውስ ቲዎረም ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1826 አጠቃላይ ማረጋገጫ ባቀረበው በኦስትሮግራድስኪ ስም የሚጠሩትም አሉ።

ለምን እንደሚሰራ ለማየት ይዘቱን በሀሳብ ጥቃቅን ሳጥኖች አድርጋችሁ ክፈሉት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሳጥኖች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፣ ካንዱ የወጣው ወደ ሌላው የገባ ስለሆነ ሲደመር ይጣፋል፣ እንዲ እንዲ እያለ የውስጥ ግድግዳ ሁሉ ይጠፋና የሚተርፈው የውጪው ገጽ ብቻ ነው። ከያንዳንዷ ትንሽ ሳጥን የሚወጣው ደሞ በግምት ዳይቨርጀንሱ ሲባዛ በሳጥኗ ይዘት ነው። በቃ ሚስጥሩ ይሄው ነው፣ ሌላው ሂሳብ ነው።

በሳጥን እንሞክረው። F = (x², xy, z) ይሁን፣ ሳጥኑ x ከ 0 እስከ 1፣ y ከ 0 እስከ 2፣ z ከ 0 እስከ 3። ዳይቨርጀንሱ 2x + x + 1 ማለትም 3x + 1 ነው፣ y እና z ስለሌሉበት እነሱ 2 × 3 = 6 ብቻ ይሰጡናል፣ 3x + 1 ከ 0 እስከ 1 ኢንተግሬት ሲደረግ 2.5 ነው፣ ስለዚ መልሱ 15። አሁን ፊት በፊት እንቁጠረው፣ x = 1 ላይ F·n = 1 ነው ስፋቱ 6 ስለዚ 6፣ y = 2 ላይ F·n = 2x ነው እሱም 3 ይሰጣል፣ z = 3 ላይ F·n = 3 ሆኖ ስፋቱ 2 ስለሆነ 6። ሌሎቹ ሶስት ፊቶች ዜሮ ናቸው። 6 + 3 + 6 = 15፣ ገጠመ።

ግን ጥያቄው "ክዳን የሌለው ሳጥን" ካለ ተጠንቀቁ። ገጹ ዝግ ስላልሆነ ቲዎረሙ በቀጥታ አይሰራም። መላው ክዳኑን ራሳችሁ ገጥማችሁ 15 ካገኛችሁ በኋላ የክዳኑን 6 መቀነስ ነው፣ 9 ይቀራል። ብዙ ሰው 15 ጽፎ የሚሄደው እዚች ጋ ነው።

ሉል ላይ ያለው ወጥመድ ደሞ ሌላ ነው፣ እኔም አንድ ጊዜ ገብቼበታለሁ። F = (x³, y³, z³) እና ሬዲየሱ 1 የሆነ ሉል ውሰዱ። ዳይቨርጀንሱ 3(x² + y² + z²) ነው፣ ሉል ነዋ ብላችሁ x² + y² + z² = 1 ብትተኩ 3 ሲባዛ በይዘቱ 4π/3፣ 4π ይመጣል፣ ደስ የሚል ቁጥር ግን ስህተት። ያ እኩልታ እውነት የሚሆነው ቆዳው ላይ ብቻ ነው፣ ኢንቲግራሉ ግን ውስጡን ሁሉ ነው የሚሄደው፣ ወደ መሀል ሲጠጋ ዳይቨርጀንሱ እየቀነሰ መሀሉ ላይ ዜሮ ይሆናል። ከመሀሉ ያለውን ርቀት r ካልነው ትክክለኛው 3r² ሲባዛ በ 4πr² ከ 0 እስከ 1 ኢንተግሬት ሲደረግ ነው፣ ውጤቱ 12π/5። መልሳችሁ ከዚ ከበለጠ ውስጡን በሙሉ እንደ ቆዳው ቆጥራችሁታል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን በርቀት ካሬ የሚቀንሰው ፊልድ ነው፣ የነጥብ ቻርጅ ኤሌክትሪክ ፊልድ ቅርጹ ይሄው ነው፣ F = (x, y, z)/r³። ዳይቨርጀንሱን ብትሰሩት ዜሮ ይወጣል፣ ስለዚ ፍለክሱም ዜሮ ነው ትላላችሁ። ሬዲየሱ R በሆነ ሉል ላይ በቀጥታ ስንሰራው ግን F·n = 1/R²፣ ስፋቱ 4πR²፣ ፍለክሱ 4π! ቲዎረሙ ተሳስቶ አይደለም፣ ፊልዱ ውስጡ ሁሉ የተስተካከለ ዴሪቬቲቭ እንዲኖረው ይፈልጋል፣ ይሄኛው ደሞ ኦሪጅኑ ላይ ጭራሽ ትርጉም የለውም።

ያቺን ነጥብ በትንሽ ሉል ቆፍራችሁ ስታወጧት ነገሩ ይስተካከላል፣ በሉሏና በውጪው ገጽ መሀል ዳይቨርጀንሱ በርግጥም ዜሮ ስለሆነ ከሉሏ የወጣው ሁሉ በውጪው ገጽ ይወጣል። ስለዚ ኦሪጅኑን መሀሉ ያደረገ ኩብም ፍለክሱ 4π ነው፣ ስድስቱ ፊቶች እኩል ስለሚካፈሉ ለያንዳንዱ 2π/3 ይደርሰዋል፣ ያንን ከባድ ኢንቲግራል ሳንነካው ማለት ነው። ኩቡን ገፋ አድርገን ኦሪጅኑን ውጪ ካስቀረነው ግን ባንዱ በኩል የገባው በሌላው ይወጣና ፍለክሱ ዜሮ ይሆናል።