በሚያብረቀርቅ ጠርሙስ ላይ «ለስላሳ ብርሃን» ማለት ምንድን ነው?

ጠጅ በጠርሙስ እያሸጉ የሚሸጡ አንዲት እናት ለገጣፎ ወደሚገኘው ትንሽ ስቱዲዮዬ ሥራ ይዘው መጡ። ትእዛዛቸው አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ ብርሃኑ ለስላሳ ይሁን፤ ጠርሙሱ ግን ያብረቅርቅ።» ትልቁን ሶፍት ቦክስ፣ ማለትም ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን የመብራት ሣጥን፣ ከጠርሙሱ አጠገብ አቁሜ አነሣሁ። ጥላው ጠርዙ እስከማይታወቅ ድረስ ሳስቶ ነበርና ደስ አለኝ። እርሳቸው ፎቶውን ሲያዩ ግን ፊታቸው አልፈታም። ጣታቸውን በጠርሙሱ ሆድ ላይ ባለው ነጭ ነጸብራቅ ላይ አድርገው «ይህ እኮ በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል፤ ምኑ ነው ለስላሳ?» አሉኝ። እኔ የማየው ጥላውን ነበር፤ እርሳቸው የሚያዩት ነጸብራቁን። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ቃሉ ግን ለሁለታችን አንድ ነገር አልነገረንም።

ፎቶ አንሺዎች ለስላሳ ብርሃን የምንለው የጥላው ጠርዝ ቀስ እያለ የሚጠፋበትን ብርሃን ነው። ጠንካራ የምንለው ደግሞ ጥላው ጥርት ብሎ የሚቆረጥበትን ነው። ብዙ ሰው ለስላሳውን ደብዛዛ፣ ጠንካራውን ደማቅ አድርጎ ይረዳዋል፤ ነገር ግን ልዩነቱን የሚያመጣው ድምቀቱ አይደለም። ከጠርሙሱ ቆሞ ሲታይ የብርሃኑ ምንጭ ምን ያህል ሰፊ ነው የሚለው ነው። ነሐሴ ላይ ሰማዩ በሙሉ በደመና ሲሸፈን ምንጩ ሰማዩ ራሱ ስለሚሆን በግቢው ውስጥ የማንም ጥላ አይለይም። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ የአጥሩ ጥላ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ፀሐይ በራሷ እጅግ ግዙፍ ብትሆንም ከሩቅ ስለምትታየን ትንሽ ምንጭ ናት።

ይህንን በእኛው ጠርሙስ ላይ በሴንቲሜትር ማየት ይቻላል። ጠርሙሱ ከግድግዳው 20 ሴንቲሜትር ርቆ ቆሟል። 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሶፍት ቦክስ ከጠርሙሱ 60 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ፣ በግድግዳው ላይ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚደረገው ሽግግር 20 ሴንቲሜትር ያህል ይሰፋል። ይህ ከጠርሙሱ ውፍረት ስለሚበልጥ ጥላው ቅርጹን ያጣል። በምትኩ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ራቁት አምፖል 2 ሜትር ርቆ ቢበራ ሽግግሩ ግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል፤ የጠርሙሱ አንገትና ቡሽ ሳይቀር በግድግዳው ላይ ይነበባል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የምንጩ ስፋት፣ ጠርሙሱ ከግድግዳው ባለው ርቀት ይባዛል፤ ከዚያም ምንጩ ከጠርሙሱ ባለው ርቀት ይካፈላል።

እስከዚህ ያለው ለእንጀራም ለሸክላ ጀበናም ይሠራል። ጠርሙስ የሚለየው መስተዋት በመሆኑ ነው። የጠርሙሱ ገጽ የምንጩን ምስል እንዳለ መልሶ ያሳያል። ድቡልቡል ስለሆነም ምስሉን ወደ ጎን ያጠበዋል፤ ሰፊው ሣጥን በጠርሙሱ ላይ ቀጭን ቁም መስመር ሆኖ ይታያል። ሣጥኑ ዳር እስከ ዳር እኩል የሚያበራ ከሆነ መስመሩም ዳር እስከ ዳር እኩል ነጭ ይሆንና የሣጥኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ስለዚህ ጥላው ለስላሳ፣ ነጸብራቁ ግን ስለታም የሆነ ፎቶ ማግኘት ይቻላል፤ እናታችን ያልወደዱትም ይህንኑ ነበር።

መስመሩ ጠርዙ እንዲሟሟ ጨርቁ ራሱ ከአንድ ወገን ደምቆ ወደ ሌላው እየደበዘዘ መሄድ አለበት። በሁለተኛው ሙከራ ሣጥኑን ትቼ አንድ ሜትር ከግማሽ የሚሆን ነጭ አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጠርኩ። ከጠርሙሱ በስተግራ 30 ሴንቲሜትር ያህል አቆምኩት፤ መብራቱን ከጨርቁ ኋላ 80 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ፣ ወደ አንድ ጫፉ አስጠግቼ አበራሁ። መብራቱ ወደ ጨርቁ ሲቀርብ በጨርቁ ላይ ትንሽ ደማቅ ክብ ይፈጠርና ብርሃኑ እንደገና ወደ ጠንካራነት ያደላል። ሲርቅ ደግሞ ጨርቁ ሁሉ እኩል ይበራና ያ የተቆረጠ ጠርዝ ይመለሳል። ትክክለኛው ቦታ በእነዚህ መካከል ነው፤ የሚገኘውም በካሜራው ቦታ ቆሞ ጠርሙሱን እያዩ፣ ሌላ ሰው መብራቱን ቀስ በቀስ ሲያንቀሳቅስ ነው። ጨርቁ መተኮስ እንዳለበት የተማርኩት በዚያው ቀን ነው፤ እያንዳንዱ እጥፋት በመስታወቱ ላይ ግራጫ ጭረት ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ ትእዛዙ በምን ቃል ይጻፍ? እኔ አሁን ደንበኞቼን ብርሃኑን ሳይሆን በጠርሙሱ ላይ ማየት የሚፈልጉትን እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። ለስላሳው እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «ብርሃኑ ከግራ፣ ከጠርሙሱ በሚበልጥ ነጭ ጨርቅ በኩል ይምጣ። ከአንገቱ እስከ ታች የሚወርድ አንድ ነጭ መስመር ይታይ፤ የመስመሩ የቀኝ ጠርዝ ወደ ጠጁ ቀለም ቀስ ብሎ ይጥፋ። ከኋላ ያለው ጥላ ጠርዝ አይኑረው።» ጠንካራው ደግሞ እንዲህ ነው፦ «ከቀኝ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ አንድ ትንሽ መብራት፣ ምንም ሳይጋርደው ይምጣ። በጠርሙሱ ትከሻ ላይ አንዲት ደማቅ ነጥብ ትታይ። ጥላው ወደ ግራ ይውደቅ፤ ጠርዙም ጥርት ይበል።»

በሁለቱም ውስጥ «ከግራ» እና «ከቀኝ» የሚሉት ቃላት እንዳሉ ልብ ይሏል። አንዳንዶች «ለስላሳ» እና «አቅጣጫ ያለው» የሚሉትን እንደ ተቃራኒ ይጽፏቸዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። በጨርቅ ያለፈ ብርሃንም ከጎን መጥቶ አንዱን ወገን ያበራል፣ ሌላውን ያጨልማል። «ለስላሳ» ብቻ ብሎ አቅጣጫውን የተወ ትእዛዝ ከሁሉም ወገን እኩል የበራ፣ ድቡልቡልነቱ የጠፋ ጠርሙስ ሊያመጣ ይችላል።

የጠጅ ጠርሙስ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለው፤ እኔ በጣም የምወደውም እርሱን ነው። የጠርሙሱ መስታወት ቀለም የሌለው፣ ጠጁም የጠራ ከሆነ፣ የተሞላው ጠርሙስ እንደ ሌንስ ሆኖ ጠንካራውን ብርሃን ይሰበስበዋል፤ በጥላው መካከልም ወርቃማ የብርሃን ሰንበር ይጥላል። ሰፊ ጨርቅ ሲጋረድ ሰንበሩ ይደበዝዝና ይጠፋል። ስለዚህ ደንበኛው «ጠጁ በጥላው ውስጥ ወርቅ ሆኖ ይብራ» ካለ፣ ጠንካራ የሚለውን ቃል ባያነሣም የጠየቀው ጠንካራ ብርሃን ነው።

እነዚህ አገላለጾች የሚሠሩት ለድቡልቡል ጠርሙስ ነው። አራት ማዕዘን በሆነ የዘይት ጠርሙስ ላይ ቀጭን መስመር መጠየቅ አያዋጣም፤ ጠፍጣፋው ገጽ ምንጩን ስለማያጠበው በትክክለኛው አንግል ሲቆም ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል፣ ጥቂት ዲግሪ ሲዞር ደግሞ ነጩ ጨርሶ ይጠፋል። እዚያ መባል ያለበት የትኛው ገጽ ይንጣ፣ የትኛው ይጨልም፣ ንጣቱስ ከላይ ወደ ታች ይደብዝዝ ወይስ እኩል ይሁን የሚለው ነው።